ደረሰኙ ቢቃጠል፣ ሌላው ቅጂ የት አለ?

*ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ፤ የቫት ተመዝጋቢ ነኝ። ጥር 16 ለ17 አጥቢያ 2017 ዓ.ም. በሱቁ እሳት ተነሣ። ቀለምና ቲነር ስለነበረ ለማጥፋት አስቸገረ። ካሽ ሬጅስተሩና ኮምፒዩተሩ ተቃጥለዋል። የሦስት ዓመት ደረሰኝ የያዘው ቁም ሳጥንም አመድ ሆነ። የተረፈው በውሃ የራሰ አንድ ካርቶን ደረሰኝና ጠርዙ የነደደ አንድ መዝገብ ነው። ጥር 28 ቀን ደግሞ ገቢዎች የ2015 እና የ2016 ሰነድ በ10 ቀን ውስጥ እንዳቀርብ ደብዳቤ ጻፈልኝ። አንድ ወዳጄ «ሁሉም ተቃጥሏል ብለህ አንድ መስመር ጻፍ፣ ሌላ ምን ይሉሃል» አለኝ። እውነት እንዲህ ይበቃል? ደብዳቤውስ እንዴት ይጻፋል?*

*ከጎንደር*

ውድ ጠያቂያችን፣ ለነፍስዎ መትረፍ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈዎት። ወዳጅዎ የመከሩዎትን መስመር ግን አይጻፉ። «ሁሉም ተቃጥሏል» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ይጎዳዎታል። አንደኛ፣ እውነት አይደለም፤ በእጅዎ አንድ ካርቶንና አንድ መዝገብ አለ። ነገ ከካርቶኑ አንድ ደረሰኝ አውጥተው ቢያሳዩ መርማሪው የሚጠይቀው ስለ ደረሰኙ ሳይሆን ስለ ደብዳቤዎ ነው። ሁለተኛ፣ ሰነድ የለም ማለት ጽሕፈት ቤቱ በግምት ይወስንብኝ ብሎ መፈረም ነው። ግብር ሰብሳቢው የሒሳብ ሰነድ ሲያጣ ካለው መረጃ ተነሥቶ ግብሩን የመገመት ሥልጣን አለው። ያለው መረጃ ደግሞ አብዛኛው የሽያጭዎ ነው፤ የግዢዎ ማስረጃ የነበረው በርስዎ ሳጥን ውስጥ ነው። ሽያጭ ታውቆ ግዢ ሲጠፋ ትርፍ ያብጣል።

ስለዚህ ደብዳቤው ሦስት ነገር ይናገራል፦ ምን ጠፋ፣ ምን ተረፈ፣ የጠፋው ከማን ቅጂ መቼ ይመጣል። ሦስተኛው ከሌለ የቀረው እሮሮ ነው። አንድ ደረሰኝ ሲቆረጥ ቢያንስ ሁለት ሰው እጅ ይገባል፤ የርስዎ ወገን ቢነድም የሌላው ወገን አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ባለ አቅራቢ መደርደሪያ ላይ አለ። የደብዳቤው ክብደት ይህን በስም፣ በወርና በመጠን ለይቶ ከማስቀመጡ ይመጣል።

ከመጻፍዎ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ሄደው የሰጡት ቃል እንዴት እንደተመዘገበ ይመልከቱ። በእሳት ማግስት ሰው የሚያስመዘግበው ቆርቆሮውን፣ ቀለሙንና ጥሬ ገንዘቡን ነው፤ ወረቀት በዚያ ሰዓት ማንም ትዝ አይለውም። የፖሊስ ማስረጃው ስለ ሰነድ አንድም ቃል ከሌለው፣ «ሰነዴ ተቃጠለ» የሚለው ቃልዎ የገቢዎች ደብዳቤ ከደረሰዎት በኋላ የተፈጠረ ሰበብ ይመስላል። ተጨማሪ ቃል ሰጥተው የሒሳብ ሰነድ፣ የደረሰኝ ጥራዝና የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው እንዲጨመር ይጠይቁ። ቀኑን ግን ወደ ኋላ አያስጎትቱ፤ ተጨማሪው ቃል የተሰጠበት ትክክለኛ ቀን ይጻፍ። በርስዎ ጉዳይ የቀኖቹ ቅደም ተከተል ራሱ ይረዳዎታል። እሳቱ ጥር 17 ሌሊት ነው፣ የሰነድ ጥያቄው ጥር 28። ጥያቄ ከመጣ በኋላ የተነሣ እሳት ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬው ሌላ ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱን ቀኖች በደብዳቤው መጀመሪያ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጧቸው።

አሁን ወደ ካርቶኑ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ካሽ ሬጅስተር የሚያወጣው ወረቀት በቀለም አይታተምም፤ ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው እንዲጠቁር ተደርጎ የተሠራ ነው። ለዚህ ነው እሳት ያልነካቸው፣ ሙቀት ብቻ የደረሰባቸው ደረሰኞች ሙሉ ለሙሉ ጠቁረው የሚገኙት። የጠቆረው አይመለስም፤ አንዳንዱ ግን ወደ ብርሃን ሰያፍ አድርገው ሲያዩት ፊደሉ ይታያል። ስለዚህ ካርቶኑን ጸሐይ ላይ አያስጡ፣ በካውያም ሆነ በፀጉር ማድረቂያ አይሞክሩ፤ በሕይወት ያለውንም ራስዎ ያጠቁሩታል። ጥላ ውስጥ ነፋስ በሚገባበት ክፍል፣ በየመካከሉ ሶፍት እያደረጉ ያድርቁት። እርጥብ ወረቀት በሁለትና ሦስት ቀን ሻጋታ ስለሚይዝ ምናልባት ይህ ደርሶበታል፤ የሻገተውን ሳይፍቁ በስልክ ፎቶ ያንሱት። ጥቅል ሆኖ የተቀመጠ የዜድ ሪፖርት ካለ አይጣሉት፤ ውጪው ጠቁሮ ውስጡ ያለው ዙር ንጹሕ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በእጅ የተጻፉ ደረሰኞች ደግሞ ከፍ ያለ ተስፋ አላቸው፤ የካርቦን ቅጂ ውሃ አያፈሰውም።

ጠርዙ የነደደው መዝገብም እንደሚያስቡት ከንቱ አይደለም። ተዘግቶ የተቀመጠ ወፍራም መዝገብ በገጾቹ መካከል አየር ስለማይገባ ከዳር ከዳር ይነዳል እንጂ እምብርቱ ይተርፋል። ገጹን በኃይል አይገንጥሉ፣ ፕላስተርም አይለጥፉ፤ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ እየገለጡ ፎቶ ያንሱ፣ የገጹን ቁጥርና ቀን በሌላ ወረቀት ላይ ይመዝግቡ። ኮምፒዩተሩን ደግሞ «ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብለው ኤሌክትሪክ አይሰኩበት። ሳጥኑ ቀልጦ ውስጡ ያለው ሃርድ ዲስክ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ውሃ ገብቶበት ሲበራ ግን ያኔ ነው የሚሞተው። ዲስኩን አስፈትተው ለባለሙያ ይስጡ።

ካሽ ሬጅስተሩን በተመለከተ፣ መጥፋቱን ለጽሕፈት ቤቱም ለመሣሪያው አገልግሎት ሰጪም በጽሑፍ ካላሳወቁ ነገ አይበሉ፣ ዛሬውኑ ያሳውቁ፤ ይህ የራሱ ቅጣት ያለው ግዴታ ነው። የተቃጠለውን ቅሪት አይጣሉ። የሽያጩ ድምር የሚመዘገብበት ፊስካል ሚሞሪ ከሌላው አካል ተለይቶ ታሽጎ የሚቀመጥ ነው፤ ሽፋኑ ቀልጦ እርሱ የሚነበብበት ዕድል አለ፣ የሚከፍተው ግን የተፈቀደለት ቴክኒሻን በጽሕፈት ቤቱ ዕውቅና ነው። እርስዎ ማኅተሙን ከነኩት ማስረጃነቱ ያበቃል።

እዚህ ላይ ከሁሉም የሚረሳው ነገር አለ፤ ያልተቆረጡ የደረሰኝ ጥራዞች። መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠቀሙባቸው በእጅ የሚቆረጡ ደረሰኞች ከነበሩ፣ ከየትኛው ተራ ቁጥር እስከ የትኛው እንደጠፉ በደብዳቤው ይጻፉ። ቁጥሩን ካላስታወሱ ያሳተሙበት ማተሚያ ቤትና የኅትመት ፈቃዱ የተሰጠበት ፋይል ላይ አለ። በርስዎ ስም የታተመ ባዶ ደረሰኝ ጠፋ ሳይባል ቀርቶ ነገ በሌላ ሰው ግዢ ውስጥ ብቅ ቢል፣ ያልሸጡትን ሸጠዋል ይባላል።

ከዚህ በኋላ መልሶ ማደራጀቱ ይጀምራል፤ ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። መጀመሪያ የሚፈለገው አጥሩ ነው፤ ራስዎ በየወሩ ያስገቡት የቫት ማስታወቂያና በየዓመቱ ያስገቡት የትርፍ ግብር ማስታወቂያ። ቅጂው ራሱ ጽሕፈት ቤቱ ዘንድ አለ፤ በማመልከቻ ማኅተም ያለበት ቅጂ ይጠይቁ። እነዚህ አሃዞች አንድ ጊዜ ስለተናገሯቸው፣ መልሰው የሚያደራጁት ሁሉ ከእነርሱ ጋር ይመሳከራል። ቀጥሎ የባንክ ስቴትመንት፣ የሁሉም ሒሳብ ቁጥርዎ፤ ቴሌብር የሚጠቀሙ ከሆነ የእርሱም ዝርዝር። ሦስተኛ የሒሳብ ባለሙያዎ፤ ማስታወቂያ የሚሠራልዎ ሰው በፒችትሪ ወይም በኤክሴል የያዘው ይኖራል። ብዙ ነጋዴ ደግሞ በወር መጨረሻ ደረሰኙን በስልክ እያነሣ በቴሌግራም ይልካል፤ እሱን ንግግር ወደ ላይ ሄደው ይመልከቱት፣ ያላሰቡት መዝገብ ቤት ነው። የግዢ ማስረጃ ከአቅራቢዎች የሚጠየቀው እነዚህ ከተሟሉ በኋላ ነው፤ ምን እንደሚጠይቁ የሚያውቁት ያኔ ስለሆነ። «ከእናንተ የገዛሁትን ሁሉ ስጡኝ» የሚል ጥያቄ መርካቶ ያለ አከፋፋይ አይመልስልዎትም። «በግንቦት 2016 በባንክ ይህን ያህል ብር የላክሁበት ግዢ» ካሉት ግን ጥራዙን ያወጣል።

አቅራቢው ምን ይስጥዎ? የቀሪውን ቅጂ ፎቶ ኮፒ «ከቀሪው ጋር ትክክል ነው» ብሎ ማኅተም አድርጎበት፣ ወይም በድርጅቱ ደብዳቤ ላይ ቀኑን፣ የደረሰኝ ቁጥሩን፣ የመሣሪያውን ቁጥር፣ ዋጋውንና ቫቱን የዘረዘረ ማረጋገጫ። አዲስ ደረሰኝ በድሮ ቀን እንዲቆርጥልዎ ፈጽሞ አይጠይቁ፤ እሺ ቢልዎም አይቀበሉ። በዛሬው ካሽ ሬጅስተር የወጣ ደረሰኝ የዛሬውን ቀን ይዞ ነው የሚወጣው፣ በእጅ የተቆረጠው ደግሞ ተራ ቁጥሩ ያጋልጠዋል። ሐሰተኛ ደረሰኝ መጠቀም በወንጀል የሚያስጠይቅ ነው፤ በእሳት የተጎዳ ነጋዴ ሆነው ገብተው ተከሳሽ ሆነው መውጣት የሚቻለው በዚህች በር ብቻ ነው።

አሃዙ እንዴት እንደሚሄድ በምሳሌ እንየው፤ በርስዎ ቁጥር ይተኩት። የ2016 ማስታወቂያ ይህን ይላል እንበል፦ በዓመቱ መጀመሪያ የነበረ ዕቃ 640,000 ብር፣ የዓመቱ ግዢ ቫቱ ሳይጨመር 3,150,000፣ ሰኔ 30 የቀረ ዕቃ 700,000፣ ሽያጭ 3,708,000። የተሸጠው ዕቃ የግዢ ዋጋ 640,000 ሲደመር 3,150,000 ሲቀነስ 700,000፣ ማለትም 3,090,000 ነው። በእርሱ ላይ የተጨመረው ትርፍ 618,000 ሲሆን፣ የግዢ ዋጋው 20 በመቶ ነው። እንግዲህ አቅራቢዎች ያረጋገጡልዎ ግዢ 2,790,000 ብቻ ሆነ፤ 360,000 ጎደለ። ይህ ጉድለት ዝም ብሎ ከታለፈ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ ወደ 2,730,000 ይወርድና በግዢ ላይ የጨመሩት ትርፍ 36 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሚስማርና ቧንቧ ቸርቻሪ 36 በመቶ እንደማያተርፍ መርማሪውም ያውቃል፤ ግን ማስረጃ የሌለው ወጪ ወጪ አይባልለትም።

እዚህ ላይ የባንክ ስቴትመንቱን ይዘው ጉድለቱን በወር ይፈልጋሉ። በየወሩ የቫት ማስታወቂያው ላይ ያለውን ግዢ በአንድ ዓምድ፣ የተረጋገጠውን በሌላ ዓምድ አስቀምጠው ሲያዩ ጉድለቱ በዓመቱ ላይ ተበትኖ አይገኝም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወር ላይ ተቆልሎ ነው የሚገኘው። ግንቦት ላይ 207,000 ብር ወደ አንድ አቅራቢ ተልኮ ተገኘ እንበል። በ1.15 ሲካፈል 180,000 ግዢና 27,000 ቫት ይሆናል፤ ከግንቦቱ ጉድለት ጋር ልክ ገጠመ። ለዚያ አቅራቢ ቀኑንና መጠኑን ጠቅሰው ይጽፋሉ። የቀረው 180,000 በጥሬ ገንዘብ ተከፍሎ ሻጩም የማይታወቅ ከሆነ፣ «ማስረጃ አልተገኘለትም» ብለው ራስዎ በሠንጠረዡ ይጻፉት። 27,000 ብር የግዢ ቫቱንም የወጪ ተቀባይነቱንም ሊያጡ ይችላሉ። ነገር ግን የማያውቁትን ግዢ በሚያውቁት አቅራቢ ስም ሸፍነው ካቀረቡና ያ አቅራቢ ሲጠየቅ «አልሸጥሁም» ካለ፣ የተረጋገጠው 2,970,000 ጭምር ይጠረጠራል። ሁሉ ነገር ልክ ገጥሞ፣ ሳንቲም ሳይጎድል የመጣ መልሶ የተደራጀ ሒሳብ በጭራሽ አያስደስትም፤ ጉድለቱ የታየበት ይታመናል።

ሌላው ስሌት ሌሊቱን ሱቅ ውስጥ የነበረውን ዕቃ ማወቅ ነው፤ መድን ካለዎት እርሱም ይጠይቅዎታል። ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ እሳቱ ድረስ የዜድ ሪፖርቱ ድምር ቫትን ጨምሮ 2,070,000 ነው እንበል። መጀመሪያ ቫቱን ያውጡ፣ 2,070,000 ለ1.15 ሲካፈል 1,800,000። ከዚያ ትርፉን ያውጡ፤ 20 በመቶው የተጨመረው በግዢ ዋጋ ላይ ስለሆነ የሚካፈለው ለ1.20 ነው፣ 1,500,000 ይሆናል። መነሻው 700,000 ዕቃ፣ የግማሽ ዓመቱ ግዢ 1,400,000 ከሆነ፣ የተቃጠለው 700,000 ሲደመር 1,400,000 ሲቀነስ 1,500,000፣ ማለትም 600,000 ብር ነው። የተለመደው ስሕተት ከሽያጩ ላይ 20 በመቶ ቀንሶ 1,440,000 ማግኘት ነው፤ የተቃጠለውን በ60,000 ያሳብጠዋል። ለመድን ድርጅቱ 660,000፣ ለገቢዎች 600,000 ብለው የጻፉባቸው ሁለት ደብዳቤዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ የሚያስረዳልዎ ሰው አይኖርም። አንድ ቁጥር ይያዙ፣ ለሁለቱም እርሱን ያቅርቡ።

ደብዳቤው እንግዲህ ይህን ይመስላል። የርስዎ 10 ቀን የካቲት 8 ላይ ስለሚያልቅ ከዚያ አስቀድመው ያስገቡት።

«ቀን፦ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለ… ገቢዎች ጽሕፈት ቤት፣ ጎንደር

ጉዳዩ፦ በእሳት አደጋ የወደሙ የሒሳብ ሰነዶችን ስለማሳወቅና መልሶ ለማደራጀት ጊዜ ስለመጠየቅ

በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር … የተመዘገብሁ የሕንፃ መሣሪያ ቸርቻሪ ስሆን፣ በሱቄ ላይ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ … ሰዓት የእሳት አደጋ ደርሷል። ጽሕፈት ቤቱ የ2015 እና የ2016 የግብር ዘመን ሰነዶችን እንዳቀርብ በቁጥር … በጥር 28 ቀን የጻፈው ደብዳቤ የደረሰኝ ከአደጋው በኋላ ነው። የፖሊስና የእሳት አደጋ ማስረጃ እንዲሁም … ፎቶዎች ተያይዘዋል።

የወደሙት የ2015 የግዢ ደረሰኞች በሙሉ፣ የ2016 የግዢ ደረሰኞች ከሐምሌ እስከ …፣ የመሣሪያ ቁጥሩ … የሆነው የሽያጭ መመዝገቢያ፣ እና ከቁጥር … እስከ … ያልተቆረጡ የእጅ ደረሰኞች ናቸው። የተረፉት ከ… እስከ … ያሉ … ገጽ ያለው የሽያጭ መዝገብና በውሃ የተጎዱ … ደረሰኞች ሲሆኑ በማንኛውም ጊዜ ለእይታ ዝግጁ ናቸው። የመሣሪያው ቅሪት ማኅተሙ ሳይነካ ተቀምጧል።

የወደሙትን ከሚከተሉት ምንጮች አደራጃለሁ፦ ሽያጩን ከጽሕፈት ቤቱ ዘንድ ካለው የማስታወቂያና የመሣሪያ መረጃ፣ ግዢውን በአባሪው ከተዘረዘሩት … አቅራቢዎች ከሚሰጥ የተረጋገጠ ቅጂ፣ ክፍያውን ከባንክ ስቴትመንት። የማስታወቂያ ቅጂዎች እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ። የባንክ ስቴትመንትና የተረፉት ሰነዶች ዝርዝር እስከ የካቲት 18፣ የአቅራቢዎች ማረጋገጫና በወር የተዘጋጀው ማመሳከሪያ እስከ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ይቀርባሉ። እስከዚያው ውሳኔ እንዳይሰጥና የ45 ቀን ጊዜ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ማስረጃ ያልተገኘለት ግዢ ካለ በማመሳከሪያው ተለይቶ ይቀርባል።»

ስለዚህ ደብዳቤ ጥቂት ልበል። ሁለቱን ቀኖች የለያየነው ሆን ብለን ነው። የባንክ ስቴትመንት በርስዎ ቁጥጥር ሥር ነው፣ የአቅራቢ መልስ ግን በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ ያለ ነው፤ ሁሉን በአንድ ቀን ከቀጠሩት የአንዱ አቅራቢ መዘግየት ሙሉውን ቃልዎን ያፈርሰዋል። የመጀመሪያውን ቀጠሮ ካከበሩ ሁለተኛው ላይ ማራዘሚያ መጠየቅ አይከብድም። «የእሳቱ መንስኤ ኤሌክትሪክ ነው» ብለው አይጻፉ፤ መንስኤውን የሚናገረው የፖሊስ ወይም የእሳት አደጋ ማስረጃ ነው፣ እርስዎ ጽፈው እነርሱ ሌላ ቢሉ ሰበብ ይሆንብዎታል። ስለ ደረሰብዎ ኪሳራና ስለ ልጆችዎ መጻፍም የሰው ነገር ነው፣ ግን ለዚህ ደብዳቤ አይጠቅምም፤ ደብዳቤውን የሚይዘው ባለሙያ ፋይል ውስጥ አስሮ ለኃላፊው የሚያቀርበው ቀንና ዝርዝር ይፈልጋል።

ሁለት ቅጂ ይውሰዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ ሲያስደርጉ በቀሪው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። በቃል «ነገርኩት» የሚባል ነገር የለም፤ ባለሙያው ሊቀየር ይችላል፣ ቁጥሩ ግን ይቀራል። አባሪ ብለው የጠሩት ነገር ሁሉ በርግጥ መያያዙን ገጽ ቆጥረው ያረጋግጡ።

ከአቅራቢዎች ጋር ሲጻጻፉ ከአቅም በላይ የሚሆንብዎት ካለ፣ ከትልቁ ይጀምሩ። ብዙ ሱቅ ላይ የግዢውን አብዛኛውን ክፍል የሚይዙት አምስት ስድስት አቅራቢዎች ናቸው፤ ቆርቆሮውና ፌሮው ሲረጋገጥ የሚስማሩ ደረሰኝ ቢጎድል የሚያናጋው ጥቂት ነው። ተቀናሽ ግብር የቆረጡባቸው ግዢዎችም ሌላ ምስክር አላቸው፤ የተቀናሹ ደረሰኝ ቅጂ ለሻጩ ስለተሰጠ፣ ገንዘቡም በወሩ ለጽሕፈት ቤቱ ስለገባ በሁለት በኩል ይገኛል። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ለድርጅት የሸጡት ላይም በተመሳሳይ ገዢዎቹ ከርስዎ የቀነሱበት ደረሰኝ አላቸው፤ ያንን ካልሰበሰቡ የተከፈለልዎትን ግብር ደግመው ይከፍላሉ።

ይህ ሁሉ ቢደረግም ጽሕፈት ቤቱ በግምት ሊወስን ይችላል። ሰነድ ባለመያዝ የሚጣለው ቅጣት ከሚከፈለው ግብር ላይ 20 በመቶ ስለሆነ፣ ውሳኔው ሲደርስዎት ግብሩ፣ ወለዱና ቅጣቱ ተለይተው መጻፋቸውን ይመልከቱ፤ ቅጣቱ ላይ ለብቻው የሚከራከሩበት ምክንያት አለዎት፣ ሰነዱን ሳይዙ ቀርተው ሳይሆን ይዘው ስለተቃጠለብዎ ነው። ለቅሬታ ማመልከቻ በግብር አስተዳደር አዋጁ ያለው ጊዜ ውሳኔው ከደረሰዎት 21 ቀን ነው። ያኔ አዲስ ነገር መጻፍ አይኖርብዎትም፤ የካቲት 3 ቀን ገቢ የሆነው ደብዳቤ ከገቢ ቁጥሩ ጋር፣ ከእርሱ ቀጥሎም በሁለቱ ቀጠሮዎች ያስገቧቸው ዝርዝሮች ቅሬታዎ ላይ ተያይዘው ይቀርባሉ።